ለስፓኒሽ ተናጋሪ ጎረቤት የሚጻፍ የይቅርታ ወረቀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ጎረቤት ያለው ሐበሻ ብዙ ነው። ክርስትና ተደግሶ ጭፈራው ካመሸ፣ በማግስቱ በር ሥር ትንሽ ወረቀት ማስገባት ደግ ነው። ወረቀቷ ላይ ግን የምንሳሳተው ነገር አለ።

«ሎ ሲየንቶ ካልኩ ይበቃል።»
ስህተት አይደለም፤ ግን ቃሉ «ይሰማኛል» ማለት ነው፣ ለለቀስተኛም ይባላል። ለጩኸት የሚሻለው «ሌ ፒዶ ዲስኩልፓስ ፖር ኤል ሩዊዶ» ነው፤ «ስለ ጩኸቱ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ» ማለት ነው።

«ሞሌስታር የሚለውን ቃል ፈራሁት፤ በእንግሊዝኛ ጸያፍ ነው።»
በስፓኒሽ ማስቸገር፣ መረበሽ ብቻ ነው። ሳይሳቀቁ ይጻፉት። መፈራት ያለበትስ «ኤምባራሳዳ» ነው። «አፍሬያለሁ» ለማለት እንግሊዝኛውን አስበው «ኤስቶይ ኤምባራሳዳ» ብለው ከጻፉ፣ እርጉዝ ነኝ ብለዋል! ትክክለኛው ለሴት «አቤርጎንሳዳ»፣ ለወንድ «አቤርጎንሳዶ» ነው።

«ጎረቤቴ ስለሆነች አንቺ ብላት ያቀራርባል።»
ስፓኒሽም እንደኛው አንቺና እርስዎ አለው። «ዲስኩልፓ» ይቅርታ አድርጊ፣ «ዲስኩልፔ» ይቅርታ ያድርጉ ነው። በአንድ ፊደል ይለያያሉ። ብዙም ለማያውቋት፣ በዕድሜ ለምትበልጥ ሴት፣ በተለይ በጽሑፍ፣ እርስዎ ይሻላል። አስቀያሚው በአንዱ ጀምሮ በሌላው መጨረስ ነው፤ «እትዬ፣ ይቅር በይኝ፣ አስቸገርንዎት» እንደማለት ይሆናል። ለመላው ቤተሰብ ከሆነ «ዲስኩልፔን» ይበሉ።

«ጭፈራው እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር፤ ስለዚህ ሲዬቴ ብዬ እጽፋለሁ።»
እዚህ ብዙ ሰው ይወድቃል። ሲዬቴ ሰባት ነው፤ ጎረቤትዎ ግን የሚረዱት በፈረንጅ ሰዓት ነው። እስከ ንጋት ጨፈርን ያሉ ይመስላል። የኛ ሌሊት ሰባት «ላ ኡና ዴ ላ ማኛና» ነው። በፈረንጅ ሰዓት ከአንድ ሰዓት ሌላ ሁሉም «ላስ» ይላል፤ ለምሳሌ የኛ ምሽት አራት በፈረንጅ አስር ሰዓት ስለሆነ «ላስ ዲየስ» ነው።

«ረዘም አድርጌ ምክንያቴን ልዘርዝር።»
አያስፈልግም። አራት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦

«ኤስቲማዳ ቤሲና፦ ሌ ፒዶ ዲስኩልፓስ ፖር ኤል ሩዊዶ ዴል ሳባዶ ፖር ላ ኖቼ። ሴሌብራሞስ ኤል ባውቲሶ ዴ ሚ ኢሃ፣ ኢ ላ ሙሲካ ሲጊዮ አስታ ላ ኡና ዴ ላ ማኛና። ላ ፕሮክሲማ ቤስ ባሃሬሞስ ኤል ቦሉሜን አ ላስ ዲየስ። ሲ አልጎ ሌ ሞሌስታ፣ አቢሴሜ፣ ፖር ፋቦር።»

ሲተረጎም፦ «የተከበሩ ጎረቤቴ፦ ስለ ቅዳሜ ማታው ጩኸት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። የልጄን ክርስትና እያከበርን ነበር፤ ሙዚቃውም እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ቀጠለ። ለወደፊቱ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ድምፁን እንቀንሳለን። የሚረብሽዎ ነገር ካለ እባክዎ ይንገሩኝ።»

ልጁ ወንድ ከሆነ «ኢሃ» የሚለው «ኢሆ» ይሆናል። ጎረቤቱ ወንድ ከሆነም «ኤስቲማዶ ቤሲኖ» ነው። ከሥር ስምዎንና የቤት ቁጥርዎን መጻፍ አይርሱ፤ አለዚያ የትኛው ቤት ይቅርታ እንደጠየቀ አይታወቅም።