የዳታ ቅሬታ ደብዳቤ ምንድን ነው?

«ዳታዬን በላው!» ድሬዳዋ ውስጥ ይሄን ያላለ ሰው ካለ ስልክ የለውም ማለት ነው። ጥቅሉን ትገዛለህ፣ መልእክቱ ይመጣል፣ አንድ ስኒ ቡና ሳትጨርስ ግማሹ ይጠፋል። ከዚያ ትበሳጫለህ። ብስጭቱ ግን ገና ቅሬታ አይደለም። የቅሬታ ደብዳቤ የሚባለው ኩባንያው የራሱን መዝገብ ከፍቶ፣ አንድን ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋር እንዲያስተያይ የሚያስገድደው ወረቀት ነው። ይሄን የማያስገድድ ከሆነ ደብዳቤ ሳይሆን እሮሮ ነው።

ነገሩ የገባኝ በጎረቤቴ ነው። መጋላ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ደንበኞቿ የቀሚስ ፎቶ የሚልኩላት በስልክ ስለሆነ ዳታ ለእሷ እንደ ክር ነው፣ ካለቀ ሥራ ይቆማል። ባለፈው ዓመት ግንቦት 12 ቀን 2017 ከሰዓት፣ ያ ሙቀት ሰውን ሁሉ ጥላ ውስጥ በከተተበት ሰዓት፣ የሳምንት 2 ጊጋ ገዛች። «2048 ሜጋ ተሞልቷል» የሚለው መልእክት ገባ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀሪዋን ስታይ 1306 ሜጋ ነው። በዚያ ሰዓት ውስጥ አራት ፎቶ ብቻ ነው ያየችው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ደብዳቤ ጻፈች። «ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው» ብላ ጀመረች (ይቺ ሐረግ የሌለችበት ማመልከቻ ማመልከቻ አይመስለንም)፣ ከዚያ ዝርፊያ፣ ንቀት፣ የድሃ ላብ እያለች አንድ ገጽ ሞላች። በማግስቱ ደቻቱን ተሻግራ አገልግሎት መስጫው ድረስ ሄዳ ሰጠች። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ልጅ አነበበው፣ ኮምፒውተሩን ነካካ፣ «እዚህ ጋ 8፡17 ብለሻል፣ በዚያ ሰዓት ምንም አጠቃቀም የለም» አላት። አንቺ ማለቱ አያስከፋም፣ ድሬ ነው። ያስከፋት መልሱ ነው።

ልጁ ግን አልዋሸም። እሷ 8፡17 ያለችው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፣ ለእሱ 08:17 ማለት እኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሰባት የምንለው ነው። በዚያ ሰዓት ጥቅሏ አልቆ ዳታዋ ተዘግቶ ነበር። መዝገቡ ባዶ መሆኑ እውነት ነው። ስንት ቅሬታ በዚህ በስድስት ሰዓት ልዩነት ብቻ እንደተዘጋ እያሰብኩ እገረማለሁ። ስለዚህ ደብዳቤ ላይ ሰዓት ሲጻፍ በሁለቱም ይጻፋል፦ «ከቀኑ 8፡17 (በስልኬ ሰዓት 14:17)»። ቀኑም እንደዚያው፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከጎኑ 20/05/2025። ትክክለኛው ሰዓት ደግሞ ያለው ጥቅሉ መሞላቱን ባበሰረው አጭር መልእክት ላይ ነው። ስለዚህ ያንን መልእክት አታጥፉት፣ ፎቶ አንሱት።

ማስረጃው ይሄ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የትኛው ኪስ ነው የጎደለው የሚል ነው። ስልክህ ላይ ሁለት ኪስ አለ። አንደኛው የብር ሒሳብህ ነው፣ ካርድ ስትሞላ የሚያድገው። ሌላው የሜጋው ጥቅል ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ደባልቆ «ዳታዬ ተቆረጠ» ይላል። ጥቅሉን አዘህ ማረጋገጫው እስኪመጣ ባለው ደቂቃ ዳታህ ክፍት ከሆነ፣ የሚቆረጠው ከጥቅሉ ሳይሆን ከብሩ ሊሆን ይችላል፣ ያውም በውዱ ታሪፍ። በየቀኑ ቀልድ ወይም የእግር ኳስ ዜና የሚልኩ አጭር ቁጥሮችም የሚበሉት ብር ነው፣ ሜጋ አይነኩም። ካርድ ስትሞላ የሚቀነስ የአየር ሰዓት ብድርም ብር ነው። እያንዳንዱ የሚታይበት መዝገብ ሌላ ነው። ደብዳቤህ «ከጥቅሌ» ካለና የጎደለው ብር ከሆነ፣ ጥቅሉን አይተው ሙሉ ነው ይሉሃል፣ በዚያው ያበቃል። የጎረቤቴ ግልጽ ነበር፤ ብሯ አልተነካም፣ የጎደለው ሜጋ ነው።

ስንት ሜጋ? 2048 ሲቀነስ 1306፣ 742። እሷ የጠየቀችው ይሄን ሁሉ ነው። እኔ ግን ስልኳን ተቀብዬ መቼት ውስጥ ገባሁ። እያንዳንዱ መተግበሪያ ስንት ዳታ እንደወሰደ የሚያሳየውን ገጽ ከፈትኩ። ጠዋት ሙሉ ዳታዋ ዝግ ስለነበር፣ ከዚያች ሰዓት በኋላም ስለዘጋችው፣ የግንቦት 12 ቁጥር እንዳለ የዚያች ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። የመተግበሪያ መደብሩ 310 ሜጋ። ፎቶዎቿን ወደ ላይ የሚያስቀምጠው 150። ሌላው ሁሉ ተደምሮ 38። ጠቅላላ 498።

ሳቅኩ፣ እሷ አልሳቀችም። ትንሹ ልጇ ጨዋታ ሲጭን፣ ማሻሻያዎች በማንኛውም መረብ ይውረዱ የሚለውን መርጦ ነበር። ዳታው ሦስት ቀን ተዘግቶ ቆይቶ ሲከፈት፣ የተጠራቀመው ማሻሻያ ሁሉ እንደ ጎርፍ ገባ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማንም ሳይነካው። «እኔ አልተጠቀምኩም» ያለችው ከልቧ ነው። ስልኩ ግን ተጠቅሟል።

ይሄ ሲቀነስ 244 ሜጋ ቀረ። ይሄኛውን ስልኩ አያውቀውም። ደብዳቤ የሚጻፍበት ቁጥር ይሄ ነው። አንዳንዱ ሰው ለምን 498ቱን እራሳችን እናምናለን፣ እነሱ ያረጋግጡ ይላል። እኔ አልስማማም። 742 ብለህ ብትጽፍ ሠራተኛው መዝገቡ ላይ ትልቅ አጠቃቀም ያገኝና «ተጠቅመሻል» ብሎ ሁሉንም በአንድ ላይ ይዘጋዋል። 244 ካልክ ግን መደበቂያ የለውም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ዳታ ክፍት ሆኖ ሳለ ቀሪ ሲፈተሽ ቁጥሩ ትክክል ላይሆን ይችላል። መረቡ ለስልኩ ሜጋ የሚሰጠው በየአንዷ ሳይሆን ቆራርጦ አስቀድሞ በመያዝ ነው፣ ያልተበላው በኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ዳታውን አጥፍቶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ማየት ያስፈልጋል። እሷ ያኔውኑ ዘግታው ማታ ከመተኛቷ በፊት አይታዋለች፣ ያው 1306 ነው። አልተመለሰም።

ሁለተኛውን ደብዳቤ አብረን ጻፍን። ግማሽ ገጽ አልሞላም። ዋናው ክፍሉ ይሄ ነው፦

«ጉዳዩ፦ ከዳታ ጥቅል ላይ ያለማብራሪያ ስለተቀነሰ 244 ሜጋ ባይት ይመለከታል። ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም (20/05/2025) ከቀኑ 8፡17 (14:17) የ2048 ሜጋ ሳምንታዊ ጥቅል ተሞልቶልኛል። ከቀኑ 9፡20 (15:20) ቀሪው 1306 ሜጋ ነበር። ዳታ ዘግቼ ማታ ስመለከትም ለውጥ የለውም። በዚህ ጊዜ ስልኬ የመዘገበው አጠቃቀም 498 ሜጋ ነው። ስለዚህ (1) ከ14:17 እስከ 15:20 ያለው የዳታ አጠቃቀም ዝርዝር በሰዓትና በመጠን እንዲሰጠኝ፣ (2) ልዩነቱ ካልተብራራ 244 ሜጋው ከሚመለስበት ቀን ጀምሮ በሚቆጠር የ7 ቀን አገልግሎት እንዲተካልኝ እጠይቃለሁ።»

ሁለተኛዋ ጥያቄ ውስጥ ያለችው «ከሚመለስበት ቀን ጀምሮ» የምትለው እንዳትዘለል። የሳምንቱ ጥቅል ግንቦት 19 ያበቃል። መልሱ ከዚያ በኋላ ቢመጣ፣ ሜጋው ተመልሶ ቀኑ ባለፈበት ጥቅል ላይ ቢጨመር ምን ይጠቅማል?

የመጀመሪያዋ ጥያቄ መልስ ደግሞ የሚሰጠው ለሲሙ ባለቤት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ ገጠመን። ሲሙ በወንድሟ ስም ነው የተመዘገበው፣ እንደ ብዙዎቻችን። የአጠቃቀም ዝርዝር የግል መረጃ ስለሆነ ለሌላ ሰው አይሰጥም፣ ትክክልም ነው። ወንድሟ መታወቂያውን ይዞ አብሮ መሄድ ነበረበት። ጫት ሰዓቱን አቋርጠን ስለወሰድነው መንገዱን ሁሉ እያጉረመረመ ነው የሄደው። «አቦ፣ ለ244 ሜጋ ብላችሁ!»

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ገባ፣ ግንቦት 14። አንዱ ለእነሱ፣ አንዱ ለእሷ። በእሷ ቅጂ ላይ የገቢ ማህተምና ቀን አስመታን፣ የቅሬታ ቁጥርም ተቀበልን። ማህተሟ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ደብዳቤው «አልደረሰንም» ቢባል ሌላ መከራከሪያ የለህም። «ግልባጭ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን» የሚለውን አልጨመርንም። ባለስልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ የዘርፉ ተቆጣጣሪ ነው፣ ከኩባንያው ጋር ያልተፈታ ቅሬታም ይቀበላል። መጀመሪያ ግን ኩባንያው ዕድሉን ማግኘት አለበት። የቅሬታ ቁጥሩንና ማህተም ያለበትን ቅጂ ሳትይዝ ወደዚያ መሄድ ባዶ እጅህን መሄድ ነው።

ግንቦት 25 ሰኞ ስልክ ተደወለላት። መጥታ ዝርዝሩን እንድትወስድ። አንድ ገጽ ነው። የትኛውን ገጽ እንደጎበኘች የሚል ነገር የለበትም፣ የመነሻ ሰዓት፣ የማብቂያ ሰዓት፣ የተበላ ሜጋ፣ ይሄው ነው። በ14:17 እና በ15:20 መካከል ሦስት መስመር አለ። ደመርናቸው፣ 503። ከስልኳ በ5 ሜጋ ይበልጣል። ይሄ ልዩነት የተለመደ ነው፤ ሲግናል ሲቆራረጥ መረቡ አንዱን ነገር ደግሞ ይልካል፣ የላከውን ሁሉ ይቆጥራል፣ ስልኩ ግን የደረሰውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። 742 ግን የትም የለም።

የራሳቸው ወረቀት 503 ይላል፣ የቀነሱት 742 ነው። ልጁ ወረቀቱን ገልብጦ አየ፣ ከጀርባው ምንም የለም። «ሲስተም ነው» አለ። ምን ሲስተም እንደሆነ አልነገረንም። በማግስቱ 239 ሜጋ ገባላት፣ ለ7 ቀን። በ5 ሜጋው አልተከራከርንም። ማሻሻያውን በዋይፋይ ብቻ እንዲወርድ አስተካከልኩላት። ልጇ በሁለተኛው ቀን መልሶ ቀየረው።