የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግና የወልድያው ነጋዴ ብድር

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በአደጋው መጠን መቆጣጠር ማለት ሕጉ «ሶፍትዌሩ እንዴት ተሠራ?» ከማለቱ በፊት «ሰው ላይ ምን ይወስናል?» ብሎ መጠየቁ ነው። ፎቶ የሚያሳምር መተግበሪያ ቢሳሳት ፎቶው ይበላሻል፣ በቃ። ብድር የሚከለክለው ቢሳሳት ግን ሱቅ ይዘጋል።

በዚህ መንገድ የወጣው ትልቁ ሕግ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው። ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ጸንቷል። አንዳንድ አጠቃቀሞችን ጭራሽ ይከለክላል። ለምሳሌ አንድ ሰው ወንጀል ይሠራል ብሎ በጠባዩና በማንነቱ ብቻ መተንበይ አይፈቀድም። ከዚያ ቀጥሎ «ከፍተኛ አደጋ» የሚባለው መደብ ይመጣል። ሥራ ቅጥር፣ በርካታ የፖሊስ አጠቃቀሞችና የግለሰብ ብድር እዚህ ውስጥ ናቸው። የቀረው በአብዛኛው ቀለል ያለ ግዴታ አለበት ወይም ጭራሽ የለበትም።

ሦስቱ ለምን ተለዩ? ውሳኔ የተሰጠበት ሰው ውሳኔው እንዴት እንደተሰጠ አያይም፤ ቢያይም ለመከራከር አቅም የለውም። በ2012 ዓ.ም. ዲትሮይት ውስጥ አንድ ሰው በፊት መለያ ሶፍትዌር ስህተት ደጁ ላይ ተይዞ 30 ሰዓት ገደማ ታስሯል። አማዞን ደግሞ ለቅጥር የሞከረው መሣሪያ በወንዶች ብዛት ከተሞላ የአሥር ዓመት ማመልከቻ ተምሮ ሴቶችን ዝቅ ሲያደርግ ስለተገኘ ትቶታል። የብድሩ ችግር ከሁለቱም ይልቅ ድምፁ አይሰማም። ስለዚህ እሱን ጠጋ ብሎ ማየት ይሻላል፤ ለወሎ ሰው ደግሞ ቅርብ ነው።

ያለ መያዣ በስልክ የሚሰጥ ብድር ዛሬ የተለመደ ነው። አበዳሪው የቤት ካርታ አይጠይቅም። የካርድ አሞላልህን፣ የገንዘብ ዝውውርህንና የቀድሞ ብድር አከፋፈልህን አይቶ ነጥብ ይሰጥሃል። የሚከተለው ስሌት የየትኛውም ተቋም ቀመር አይደለም፤ ስህተቱ እንዴት እንደሚፈጠር ለማሳየት ያህል ነው።

እንበል አንድ የወልድያ እህል ነጋዴ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ብድር ጠየቀ። በወር በአማካይ 600 ብር ካርድ ይሞላል። መስፈርቱ ባለፉት 12 ወራት አማካይ 500 ብር ነው። ችግር የለበትም ትላለህ። ግን ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነቱ ተይዛ ስልክም ባንክም አልነበረም። ከ12ቱ ወራት አራቱ እዚያ ውስጥ ስለወደቁ ካርድ የሞላው 8 ወር ብቻ ነው፤ ድምሩ 4,800 ብር። ለ12 ሲካፈል 400 ይሆናል። ወደቀ። ለሠራባቸው 8 ወራት ቢካፈል ግን 600 ነበር።

ማንም ወልድያን ልጉዳ ብሎ አልተነሳም። ኮምፒውተሩ «መረጃ የለም» እና «ዜሮ» የሚባሉትን አንድ አድርጎ ስላነበበ ነው። የከተማውን ስም ከመረጃው ማውጣትም አይፈታውም፤ ባዶዎቹ ወራት ራሳቸው ከተማውን ይናገራሉ። የአውሮፓው ሕግ ከፍተኛ አደጋ ያለበት ሥርዓት የሚማርበት መረጃ የሚሠራበትን አካባቢ ልዩ ሁኔታ ከግምት እንዲያስገባ የሚያዘው ለዚህ ነው።

ስህተቱን ማወቂያው ቀላል ይመስላል። ተበዳሪዎችን በየአካባቢው ለይቶ ማየት ነው። የወልድያ ሰዎች ብዙ እየተከለከሉ፣ ብድር ያገኙት ጥቂቶች ግን ከሌላው እኩል ወይም በተሻለ የሚከፍሉ ከሆነ ነጥቡ ተዛብቷል። አስቸጋሪው ነገር የተከለከለው ሰው ይክፈል አይክፈል መቼም አለመታወቁ ነው። ባንኩ ያበደረውና የከሰረበት መዝገብ ላይ ይታየዋል፤ ያላበደረው ደህና ከፋይ ግን የትም አይታይም። ስህተቱ በራሱ ጊዜ ስለማይወጣ ነው ሕጉ አስቀድሞ ምርመራ፣ የውሳኔ መዝገብና የሰው ቁጥጥር የሚጠይቀው። የተጎዳው ሰውም ውሳኔው ላይ ማሽኑ የነበረውን ድርሻ እንዲያስረዱት የመጠየቅ መብት አለው።

የሰው ቁጥጥር የሚለው ላይ ግን ብዙ ተስፋ መጣል አያስፈልግም። የብድር ሠራተኛው በቀን መቶ ማመልከቻ እያየ «አይፈቀድም» የሚለውን እያጸደቀ ከሄደ፣ ሰው ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። ባዶዎቹን አራት ወራት አይቶ «ይሄማ ጦርነቱ ነው» ብሎ ውሳኔውን መሻር ሲችል፣ በመሻሩም ሲጠየቅ የማይቀጣ ከሆነ ብቻ ነው ቁጥጥር የሚባለው። ሕጉም ሠራተኛው ማሽኑን ከልክ በላይ የማመን ዝንባሌ እንዳለበት ያውቃል፤ ያንን እንዲጠነቀቅ አድርጉት ይላል።

አንድ ነገር ከመደቡ ውጪ ቀርቷል፤ ማጭበርበርን ለመያዝ ብቻ የሚሠራ ሶፍትዌር በብድሩ መደብ አይቆጠርም። ለእኔ ይህች ቀዳዳ ሰፋ ያለች ናት። ሒሳብህ «አጠራጣሪ» ተብሎ ሲታገድም ሱቁ ያው ይዘጋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ በዚህ መልክ አጠቃቀምን በደረጃ የሚከፋፍል ሕግ የለም። ያለው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። እሱ መረጃህ እንዴት እንደሚሰበሰብና እንደሚያዝ ይደነግጋል። የወልድያው ነጋዴ በእሱ ተመርኩዞ የተያዘበትን መረጃ ማየትና የተሳሳተውን ማስተካከል መጠየቅ ይችላል። የእሱ መረጃ ግን አልተሳሳተም፤ በእነዚያ ወራት ካርድ እንዳልሞላ እውነት ነው። የተሳሳተው ስሌቱ ነው።