ከትረካ ወደ ሠንጠረዥ፦ የድሬዳዋ የምስር ሳምቡሳ አሠራር እንዴት ይጻፋል?

የምግብ አሠራር በአማርኛ ሲነገር እንደ ወሬ ይነገራል። የሚሰማው ሰው ምጣዱ አጠገብ ቆሞ የሚያይ ስለሆነ ተናጋሪዋ ሁሉን መዘርዘር አያስፈልጋትም። ያ ንግግር እንዳለ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን አንባቢው ምጣዱን አያየውም። ትረካውን የግብዓት ሠንጠረዥና በተራ ቁጥር የተቀመጡ ደረጃዎች አድርጎ መለወጥ ይህን ክፍተት የመሙላት ሥራ ነው። አንቀጽን ቆራርጦ ቁጥር መስጠት ብቻ ቢሆን ኖሮ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ጊዜ የሚወስደው ተናጋሪዋ ሳትናገር ያለፈችውን ፈልጎ ማግኘት ነው።

ድሬዳዋ ከዚራ የምትኖር ጎረቤቴ በረመዳን ለአፍጥር የምትጠብሰውን የምስር ሳምቡሳ እንዲህ ነገረችኝ፦

«ምስሩን አጥበሽ ትቀቅይዋለሽ፣ እንዳይፈርስ ብቻ። አንጠፍጥፈሽ ታቀዘቅዢዋለሽ። ዱቄቱን በጨውና በትንሽ ዘይት አሽተሽ፣ ለብ ባለ ውሃ አቡክተሽ፣ ከድነሽ ታስቀምጪዋለሽ። ሽንኩርትና ቃሪያውን ከትፈሽ፣ ጨው ጣል አድርገሽ ከምስሩ ጋር ነው። ሊጡን ስምንት ቦታ ከፍለሽ፣ ሁለት ሁለቱን ዘይት ቀብተሽ ዱቄት ነስንሰሽ ደራርበሽ ትዳምጫቸዋለሽ፣ ምጣድ ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርገሽ ታወጫቸዋለሽ። በአራት ቆርጠሽ ለያይተሽ፣ እየሞላሽ በዱቄት ሙጫ ትዘጊዋለሽ። ከዚያ በጋለ ዘይት መጥበስ ነው። ከአሱር በኋላ ከጀመርሽ ለመግሪብ ይደርሳል።»

ይህ ንግግር ለእሷ ሙሉ ነው። ለማያውቅ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጎድለው የዕቃው ማንነት ነው። «ምስር» ያለችው ድፍኑን ነው፤ ቀፊራ ገበያ ሄዶ ምስር የሚል ሰው ግን ክክም ሊሰጠው ይችላል። ቀዩ ክክ ሲቀቀል ይሟሟል፣ እርጥብ ሆኖም የሳምቡሳውን ቅጠል ያበሰብሰዋል። «ዱቄት» ስትልም የፉርኖ ዱቄት ማለቷ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ ውስጥ የሚገባው ባለሱቁ ሳይሳሳት የሚሰጠው ስም ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ተደጋግሞ የሚጠራ ዕቃ ነው። ንግግሩን እንደገና ቢያነቡት ዘይት ሦስት ቦታ ገብቷል፦ ሊጡ ውስጥ፣ በሚደራረበው ሊጥ መሃል፣ መጥበሻው ላይ። ዱቄትም እንዲሁ ሦስት ቦታ ነው፣ ጨው ደግሞ ሁለት። እነዚህን ሁሉ በአንድ መስመር ደምሮ የጻፈ ሰው አንባቢውን ያሳስተዋል፤ ዱቄቱን በሙሉ መጀመሪያ ላይ ያቦካውና ሙጫ ሲደርስ ባዶ እጁን ይቀራል። በየአገልግሎቱ ለይቶ መጻፍ ሠንጠረዡን ያስረዝመዋል፤ ቢሆንም ይህን ርዝመት እመርጣለሁ። ውሃ ደግሞ ሁልጊዜ ይረሳል፣ ከቧንቧ ስለሚመጣ እንደ ዕቃ አይቆጠርም።

መጠን መጠየቅ በድሬዳዋ ቤት ቀላል አይደለም፤ «በብርጭቆ» ይባላል፣ ግን በየትኛው ብርጭቆ? እኔ ያደረግኩት ይህን ነው፦ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ውሃ ወስጄ ብርጭቆዋን ሞላሁ። ልክ ሁለት ጊዜ ሞላ፤ ስለዚህ ብርጭቆዋ 250 ሚሊ ሊትር ይይዛል ማለት ነው። አራት ብርጭቆ ዱቄት 500 ግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ተኩል ምስር ደግሞ 300 ግራም ያህል ሆነ። የሻይ ብርጭቆ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ሁሉ ይለወጥ ነበር። ውጤቱ ይህ ነው፤ ዕቃዎቹ የተጻፉት እጅ ላይ በሚገቡበት ቅደም ተከተል ነው፦

| ዕቃ | መጠን | ለምን |
|---|---|---|
| ድፍን ምስር | 300 ግራም (1½ ብርጭቆ) | ለሙሊት |
| ውሃ | ምስሩን በደንብ የሚሸፍን | ለመቀቀያ |
| የፉርኖ ዱቄት | 500 ግራም (4 ብርጭቆ) | ለሊጥ |
| ጨው | 1 የሻይ ማንኪያ | ለሊጥ |
| ዘይት | 2 የሾርባ ማንኪያ | ለሊጥ |
| ለብ ያለ ውሃ | 1 ብርጭቆ ያህል | ለሊጥ |
| ዘይት | 2 የሾርባ ማንኪያ | ለመቀቢያ |
| ዱቄት | 4 የሾርባ ማንኪያ | ለመነስነሻ |
| ቀይ ሽንኩርት | 2 መካከለኛ፣ በደቃቁ የተከተፈ | ለሙሊት |
| ቃሪያ | 4፣ በደቃቁ የተከተፈ | ለሙሊት |
| ጨው | 1½ የሻይ ማንኪያ | ለሙሊት |
| ዱቄትና ውሃ | 3፣ 3 የሾርባ ማንኪያ | ለሙጫ |
| ዘይት | መጥበሻው ውስጥ 3 ጣት ያህል | ለመጥበሻ |

ወደ ደረጃዎቹ ስንመጣ የአማርኛ ሰዋስው ራሱ እንቅፋት ይሆናል። ቦዝ አንቀጽ የሚባለው፣ «አጥበሽ፣ አሽተሽ፣ ከድነሽ» የሚለው፣ አምስት ሥራ በአንድ ትንፋሽ እንዲነገር ያደርጋል። ለጆሮ ደስ ይላል፤ ነገር ግን በሁለት ድርጊቶች መካከል ያለውን ጊዜ ይውጠዋል። «ከድነሽ ታስቀምጪዋለሽ» ለምን ያህል ጊዜ? ስጠይቃት «እስኪለሰልስ፣ ግማሽ ሰዓት» አለች። «አንጠፍጥፈሽ ታቀዘቅዢዋለሽ» የሚለውም እንዲሁ ረጅም ጥበቃ አለበት። ጥሩ ዘዴ ሆኖ ያገኘሁት በእያንዳንዱ ቦዝ አንቀጽ ላይ ቆሞ «ከዚህ በኋላ እጅ ሥራ ይፈታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሚፈታ ከሆነ ደረጃው እዚያ ያልቃል፣ አዲስ ቁጥር ይጀምራል። የማይፈታ ከሆነ ሁለቱ ሥራዎች አንድ ቁጥር ሥር ይቆያሉ። የማሰሪያ አንቀጹን በተመለከተ በእርስዎ «ይክተፉ» ማለት ለሴትም ለወንድም ስለሚሆን «ክተፊ» ወይስ «ክተፍ» ከሚለው ጥያቄ ያድናል።

የጨው ነገር ከሁሉም በላይ ያስተምራል። በንግግሯ ጨው ከሽንኩርቱ ጋር ወዲያው ተጠርቷል። መጀመሪያ የጻፍኩት ረቂቅ ይህንኑ ተከትሎ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን፣ ጨውንና ምስሩን በአንድ ደረጃ አዋህዶ ሊጡ ከመዳመጡ በፊት አስቀመጠው። በዚያ ወረቀት ስሠራ ሙሊቱ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ፤ ጨዉ ከጥሬው ሽንኩርት ውሃ አወጣ፣ ሳህኑ ሥር ኩሬ ሠራ። ቅጠሉ ከሥሩ ረጥቦ ተቀደደ፣ ዘይቱም ውሃው ሲነካው ተፈናጠረብኝ። እሷ ዘንድ ይህ የማይሆነው ሽንኩርቱን የምትከትፈው ቅጠሉ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ልትሞላ ስትል ስለሆነ ነው። ንግግሯ ውስጥ ቀድሞ የመጣው በሥራው ቀድሞ ስለሚመጣ አልነበረም፤ ወደ መዳመጡ ሳትሄድ የሙሊቱን ወሬ ልጨርሰው ብላ ነው። የሚነገርበት ቅደም ተከተልና የሚሠራበት ቅደም ተከተል ሁለት ነገር ናቸው።

1. ምስሩን ለቅመው ይጠቡና በደንብ በሚሸፍነው ውሃ ይቀቅሉ። ፍሬው በጣት ሲጫን ልል ብሎ ቅርጹን ግን ሲይዝ ያውርዱ።
2. ምስሩ እሳት ላይ ሳለ ዱቄቱን በጨውና በዘይት ያሹ። ውሃውን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ፣ እጅ የማይዝ ለስላሳ ሊጥ እስኪሆን ያቡኩ። ከድነው 30 ደቂቃ ያሳርፉ።
3. ምስሩን በወንፊት አንጠፍጥፈው ሰፊ ትሪ ላይ ይበትኑ። ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይተዉት።
4. ሊጡን 8 ቦታ ከፍለው ያድቦልቡሉ። አንዱን ጠፍጠፍ አድርገው ዘይት ይቀቡ፣ ዱቄት ይነስንሱ፣ ሌላውን ይደርቡበት። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪሰፋ በመዳመጫ ይዳምጡ።
5. መካከለኛ እሳት ላይ ባለ ደረቅ ምጣድ እያንዳንዱን ፊት 30 ሰከንድ ያህል ያቆዩ። ሳይቀላ ያውጡ።
6. ትኩስ ሳለ በአራት ይቁረጡና የተደረቡትን ይለያዩ።
7. ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ከቀዘቀዘው ምስር ጋር ይቀላቅሉ። ጨዉን ሊሞሉ ሲሉ ብቻ ይጨምሩ።
8. ዱቄቱን በውሃ በጥብጠው ሙጫ ያድርጉ። ቅጠሉን እንደ ቀንድ አጥፈው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሊት ያስገቡ፣ አፉን በሙጫ ይዝጉ።
9. ዘይቱን ያግሉ። ትንሽ ሊጥ ሲጣልበት ወዲያው አረፋ አውጥቶ ከተንሳፈፈ ደርሷል። ጥቂት ጥቂት እያደረጉ 3–4 ደቂቃ ይጥበሱ።

አራት ድርብ ተዳምጦ እያንዳንዱ በአራት ሲቆረጥና ሲለያይ 32 ቅጠል ይወጣል። ይህ ቁጥር በንግግሩ ውስጥ የለም፤ በስሌት የሚገኝ ነው። መጨረሻ ላይ ሙሊት ከተረፈ ወይም ቅጠል ከጎደለ ስህተቱን የሚያሳየውም እሱ ነው። ሌላው ማጣሪያ ቀላል ነው፦ ደረጃዎቹን እያነበቡ በሠንጠረዡ ውስጥ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ በእርሳስ መሰረዝ። ሳይሰረዝ የቀረ ዕቃ ደረጃው ውስጥ ተረስቷል፤ ደረጃው ውስጥ ተጠርቶ ሠንጠረዡ ላይ የሌለ ዕቃም እንዲሁ። እኔ ሳደርገው የሙጫው ውሃ ጎድሎ አገኘሁት።

ደረጃ 1 ላይ ደቂቃ ያልጻፍኩት አውቄ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ ሐረር የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ፣ ድሬ ደግሞ በ96 ገደማ ነው። ስለዚህ ያው ምስር ሐረር ጁገል ውስጥ ሲቀቀል ትንሽ ይዘገያል፤ የቆየ ምስር ከሆነ ደግሞ የበለጠ። የመቀቀል ነገር በዓይንና በጣት ምልክት ሲጻፍ የትም ቦታ ይሠራል። ቁጥር ይበልጥ የሚጠቅመው እንደ ሊጡ ማረፊያ ባለ፣ እጅ በማይነካው ጥበቃ ላይ ነው።

«ከአሱር እስከ መግሪብ»፣ ማለትም ከከሰዓት በኋላው ሶላት እስከ ጀምበር መጥለቂያው ሶላት፣ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ብቻዬን ስሠራ ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ወሰደብኝ። ሄጄ ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ እሷ ምጣዱ ላይ ስታገላብጥ ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ ቅጠሉን እየለያየች ነበር። በንግግሩ ውስጥ ይህች ሁለተኛ ሰው የለችም። አሁን ከሠንጠረዡ በላይ «ለሁለት ሰው 2 ሰዓት ተኩል፣ ለአንድ ሰው 3 ሰዓት ተኩል» ተብሎ ተጽፏል።

ወረቀቱን ጨርሼ ለጎረቤቴ አነበብኩላት። እስከ ደረጃ 6 ዝም ብላ ሰማች፣ ከዚያ አቋረጠችኝ፦ «እንዴ፣ ጨርቁስ? በዚህ በድሬ ሙቀት ክፍቱን ብትተዪው ደርቆ ይሰባበርብሻል እኮ!» እርጥብ ጨርቅ ሥር እንደምታስቀምጠው ስትነግረኝም አልጠቀሰችውም፣ እኔም ሄጄ ሳይ ልብ አላልኩትም። ደረጃ 6 አሁን እንዲህ ይላል፦ «ትኩስ ሳለ በአራት ይቁረጡና የተደረቡትን ይለያዩ፤ ሞልተው እስኪጨርሱ እርጥብ ጨርቅ ሥር ያቆዩ።»