የጽሑፍ ንብርብር ያለው ፒዲኤፍ ምንድን ነው?

ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ፎቶ ብቻ ነው ባልኩ ቁጥር «ጥርት ብሎ ይነበባል እኮ፣ እንዴት ፎቶ ብቻ ነው ትላለህ?» የሚል ሙግት ስንት ጊዜ እንደገጠመኝ ቆጠራውን ትቼዋለሁ። ጥራቱ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? በ600 ዲፒአይ ስካን የተደረገ ገጽ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ለኮምፒውተሩ ግን የነጥቦች ክምር እንጂ «ሀ» የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም።

ሰሞኑን የመጣልኝ ፋይል 40 ገጽ ነበር። ገጹ ላይ በዓይኔ የማየውን ቃል በCtrl+F ብፈልግ የለም አለኝ። በፋይሉ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አውጥቶ መጠኑን በባይት የሚቆጥረውን ይህን ትእዛዝ አስከተልኩ፦

```
pdftotext file.pdf - | wc -c
```

መልሱ 40። በየገጹ መጨረሻ ፕሮግራሙ ራሱ ከሚጨምራት አንዲት የገጽ ማብቂያ ምልክት በቀር ምንም አልወጣም ማለት ነው።

ተከራካሪዬ ፋይሉን ኦሲአር አሠርቶ መለሰልኝና «ይኸው አሁን ቃሉ ይመረጣል፣ እውነተኛ ጽሑፍ ሆኗል» አለ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ኦሲአር ማለት ፎቶው ላይ ስስ ወረቀት አንጥፎ፣ ያነበበ የመሰለውን በማይታይ ቀለም የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ነው። የምናየው ፎቶውን ነው፤ የምንፈልገውና የምንገለብጠው ግን የእሱን ጽሑፍ ነው፤ የጽሑፍ ንብርብር የሚባለውም ይኸው ነው። 7,500ን 1,500 ብሎ ቢጽፍ ገጹ ላይ የሚታየው ያው 7,500 ነው፤ ስሕተቱ የሚጋለጠው ቁጥሩን ገልብጠን ሌላ ቦታ ስንለጥፍ ነው። ይባስ ብሎ ጸሐፊው እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፣ ማለትም ኦሲአሩ ሲሠራ ቋንቋው አማርኛ ተብሎ ካልተመረጠ፣ የግዕዙን ፊደል ሁሉ በሚመስለው የላቲን ፊደል ይሞላዋል። መመረጡንማ ይመረጣል!

ስለዚህ አንድ አንቀጽ ገልብጣችሁ ባዶ ኖትፓድ ላይ ለጥፉና አንብቡት። የጸሐፊውን እጅ ማየት ለሚፈልግ በፋይሉ ውስጥ ያሉትን ፎንቶች የሚዘረዝረው `pdffonts file.pdf` አለ። ፎቶ ብቻ ከሆነ ከርዕሱ መስመር በታች ባዶ ነው፤ ቴሰራክት በተባለው የኦሲአር ፕሮግራም የተሠራ ከሆነ ደግሞ `GlyphLessFont` የሚል ስም ይወጣል፣ ቅርጽ የሌለው ፎንት እንደማለት።

ሳልጠየቅ ልጨምር፦ ለጥፋችሁ ያያችሁት የላቲን ዝብርቅርቅ ሁልጊዜ የኦሲአር ጥፋት አይደለም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ስካን ሳይነካው እንዲሁ ይወጣል፤ ፎንቶቹ የእኛን ፊደል በላቲኑ ቁጥር ላይ አስቀምጠውት ነበርና። እዚህ ጋ ጸሐፊ የሚባል የለም፣ ፊደሉ ራሱ የሌላ ስም ይዞ ነው የተመዘገበው። ኦሲአር ቢሠራበት እንኳ የተሻለ ሊወጣ ይችላል።

ሙከራውን ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ አትሥሩት። ሽፋኑ በኮምፒውተር ተጽፎ የቀረው ስካን የሆነ ፋይል ብዙ ነው፤ ከመሐል አንድ ገጽ ውሰዱ።