ፎርጅድ የስንፈተ ወሲብ መድኃኒት ምንድን ነው? «ሠርቶልኛል» ማለትስ ማረጋገጫ ይሆናል?

ጎንደር ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ባለፈው ክረምት አንድ ስልሳዎቹን ያለፉ ሰው መጡ። ሰው እስኪወጣ ድረስ ጥግ ይዘው ጠበቁ። ብቻችንን ስንሆን ከኮታቸው ኪስ አንድ ፓኬት አወጡና፣ «ልጄ፣ ይኼ ኦሪጅናል ነው? የፊተኛው ጥሩ አድርጎ ሠርቶልኝ ነበር» አሉኝ።

ፓኬቱ ላይ ሲልደናፊል 100 ሚሊግራም ይላል። ሲልደናፊል ብዙ ሰው በቫያግራ ስም የሚያውቀው መድኃኒት ነው። የገዙት በቴሌግራም ነው። ገንዘቡን በቴሌብር ላኩ፣ ዕቃውን አንድ የባጃጅ ሹፌር ፒያሳ ላይ አቀበላቸው። ሻጩን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም።

ፎርጅድ መድኃኒት ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ጠመኔ ነው፤ ምንም የማይሠራ ክኒን። እንዲህ ያለውም አለ። በዚህ መድኃኒት ላይ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ የተለየ ነው። አስመሳዮቹ ትክክለኛውን ንጥረ ነገር ራሱን ያስገቡበታል፣ ልኩን ግን አይጠብቁም። የቫያግራ አምራች የነበረው ፋይዘር ተመራማሪዎች ከ22 ድረ ገጾች ቫያግራ ተብሎ የሚሸጥ ክኒን ገዝተው መርምረው ነበር። 77 በመቶው ፎርጅድ ሆኖ ተገኘ። ፎርጅዶቹም ውስጥ ሲልደናፊል ነበረ፤ መጠኑ ግን ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ከ30 እስከ 50 በመቶ ብቻ። ስለዚህ ክኒኑ መሥራቱ እውነተኛ መሆኑን አያሳይም። ሰው ከሠራለት ደግሞ ሻጩን ያምናል፣ ተመልሶም ይገዛል።

የእኚህ ሰው ታሪክ ይህንኑ ይመስላል። የመጀመሪያው ፓኬት አንድ ፍሬው ደካማ ሆነባቸው። ሁለት ሁለት መዋጥ ጀመሩ፣ ተስማማቸው። ሁለተኛው ፓኬት ሲመጣ በለመዱት ሁለት ዋጡ። ያን ሌሊት ራሳቸውን ፈለጣቸው፣ ፊታቸው ጋለ፣ የሚያዩት ነገር ሁሉ ሰማያዊ መሰላቸው። ከአልጋ ሲነሡ ዞሮባቸው ወደቁ። ፓኬቱ ውስጥ በትክክል ምን እንደነበረ እኔም በዓይን አይቼ ልናገር አልችልም፤ ያንን የሚናገረው ላቦራቶሪ ነው። ምልክቶቹ ግን የሲልደናፊል መብዛት ምልክቶች ናቸው። ስሌቱም ቀላል ነው። የፊተኛው እያንዳንዱ 40 ሚሊግራም ብቻ ከነበረው ሁለቱ 80 ይሆናሉ። የኋለኛው በእርግጥ 100 ከሆነ ሁለቱ 200 ናቸው። በ24 ሰዓት ውስጥ የሚፈቀደው ከፍተኛው 100 ነው፣ ያውም በአንድ ጊዜ ብቻ። ዕድሜው ከ65 ያለፈ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ25 ነው የሚጀምረው።

ከዚህም የከፋ አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲንጋፖር ውስጥ ስኳር የሌለባቸው 150 ሰዎች የደማቸው ስኳር በኃይል ወርዶ ሆስፒታል ገቡ። 4 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ያገኘው ግሊበንክላማይድ የሚባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት ነበር። በሕገ ወጥ የወሲብ ክኒኖች ውስጥ ተገኘ። እንዲህ ያለ ክኒን የዋጠ ሰው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይርበዋል፣ ንግግሩ ይምታታል። ሰውየው መዋጥ ከቻለ ወዲያው ስኳር በውኃ ይጠጣ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ተሻለኝ ብሎ መተኛት አደገኛ ነው፤ መድኃኒቱ ለብዙ ሰዓት ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ይወርዳል።

«ተፈጥሯዊ ነው» ተብለው የሚሸጡት ማርና ዱቄትም ከዚህ ነፃ አይደሉም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2022 እ.ኤ.አ. ስለ እነዚህ ማሮች አስጠንቅቋል። ሲመረመሩ ያልተጻፈ ሲልደናፊል ወይም ታዳላፊል የሚባል የዚሁ ዓይነት መድኃኒት ተገኝቶባቸዋል። ይህን እኔ በጣም እፈራዋለሁ። ለደረት ሕመም ናይትሬት የሚባሉ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ሲልደናፊል ከነካ የደም ግፊቱ በድንገት ሊወርድና ሊገድለው ይችላል። ማሩን ሲልስ ግን መድኃኒት እየወሰደ መሆኑን እንኳ አያውቅም።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ፓኬቱን ተቀብዬ ከሰውየው ጋር አብረን አየነው። ካርቶኑ ላይ የታተመው የባች ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ዙር አብረው የተመረቱ ክኒኖች የጋራ ቁጥር፣ ክኒኖቹ ባሉበት ስትሪፕ ላይ ከተመታው ጋር አይገጥምም። ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። የአምራቹ ስም አለ፣ አድራሻው የለም። እነዚህ ሁለቱ ይበቁኛል፣ ፎርጅድ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሁሉም ቢገጥም ኖሮ ግን እውነተኛ ነው ማለት አልችልም ነበር። በዓይን ማየት የሚያጋልጠው የተሳሳተውን ብቻ ነው፤ ጥሩ ማተሚያ ያለው ሰው ካርቶኑን አስመስሎ ይሠራዋል። በቀለምም መታለል የለም። ሰማያዊው አልማዝ ቅርጽ የቫያግራ ነው፤ በሌላ ፋብሪካ በሕጋዊ መንገድ የተሠራ ሲልደናፊል ነጭም ክብም ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛ አገር ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። የሚያበቃበት ቀን የሚጻፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። 03/2025 የሚል ፓኬት በእኛ ሲታሰብ መጋቢት 2017 ላይ አብቅቷል። በእኛ ዓመት ለሚቆጥር ሰው ግን ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስላል።

ፋርማሲ የሚለየው በመደርደሪያው አይደለም። ከፋብሪካ እስከ አስመጪ፣ ከአስመጪ እስከ እኛ ድረስ ያለው ሰንሰለት በወረቀት ይያዛል። ችግር ያለበት ባች ከገበያ ይሰብሰብ ሲባል የት እንዳለ ይታወቃል። ግድግዳው ላይ የቤቱ ፈቃድ ይሰቀላል፣ የባለሙያውንም ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። ፈቃድ ያለው ፋርማሲ የቴሌግራም ገጽ ሊኖረው ይችላል፤ ያኔ ሄደው የሚያገኙት ቤት፣ ደረሰኝና ስም አለ። መድኃኒቱም በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ ነው። «ያለ ማዘዣ፣ ሳንጠይቅ፣ በምስጢር» የሚል ሻጭ ናይትሬት መውሰድዎን የሚጠይቅዎት ሰው እንደሌለ እየነገረዎት ነው።

ፋርማሲ ውስጥም ቢሆን ዓይን ይከፈት። ብዙ ሰው አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ነው የሚገዛው፣ ስትሪፑ በመቀስ ይቆረጣል። የባች ቁጥሩና ቀኑ የተመታው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንደኛው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ሳይቆረጥ ሙሉውን አሳዩኝ ይበሉ፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። መድኃኒቱ አገር ውስጥ የተመዘገበ መሆኑንም ባለሙያውን ይጠይቁ። የሚያጠራጥር ነገር ካገኙ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው፣ ድረ ገጹ efda.gov.et። ክኒኑን አይጣሉት፤ ከነካርቶኑ ያስቀምጡት፣ የሚመረመረው እሱ ነው።

ሰውየውን አስቀምጬ ግፊታቸውን ለካሁ፤ 160 በ100። ለክተው አያውቁም ነበር። «ጋሼ፣ ክኒኑን እንርሳውና መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት» አልኳቸው። ስንፈተ ወሲብ አንዳንዴ የደም ሥር ችግር ከልብ ቀድሞ የሚታይበት ቦታ ነው። ፓኬቱን እኔ ጋ ትተው ወደ ሆስፒታል ሄዱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የግፊት መድኃኒት ጀምረው፣ ሲልደናፊል 25 የሚል ማዘዣ ይዘው ተመለሱ። መቀሱን ሳነሣ እጄን ያዙኝ። «ቆይ ልጄ» አሉና ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።