«ርካሽ ሊድ አገኘን» ከማለታችሁ በፊት

«በ200 ብር አንድ ሊድ እያገኘን ነው፤ ካምፔኑ ሠርቷል»

ሊድ ማለት ስልኩን ትቶ የሄደ ሰው ነው፤ ስልኩን ትቶ የሄደ ሁሉ ግን ገዥ አይደለም። ለአከፋፋዮች የስቶክና የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሸጥ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት አስቡ (ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው)። 60,000 ብር አውጥቶ «ሶፍትዌራችንን በነፃ ይሞክሩ» የሚል ማስታወቂያ ፌስቡክ ላይ ለቀቀ፤ 300 ሰው ፎርም ሞላ። ሻጩ መደወል ጀመረ። ግማሹ አያነሳም። ካነሱት አንዱ ተማሪ ነው፣ አንዱ ሥራ ፈላጊ፣ አንዷ «እኔ? ምን ሞላሁ?» ትላለች፣ አንዱ ደግሞ ራሱ ሶፍትዌር ሻጭ ሆኖ ዋጋ ሊሰልል የመጣ። መጨረሻ ላይ ስድስቱ ዴሞ አዩ፣ አንድ ገዛ። ያ አንድ ደንበኛ 60,000 ብር ፈጀ።

በሚቀጥለው ወር በዚያው ብር ማስታወቂያውን «ሁለትና ከዚያ በላይ መጋዘን ላላችሁ አከፋፋዮች» ብሎ ጻፈው፤ መነሻ ዋጋውንም አስቀመጠ። የመጣው 40 ሊድ ብቻ ነው፣ አንዱ በ1,500 ብር። አለቅየው ሊያብድ ደረሰ። ግን 12ቱ ዴሞ አዩ፣ አራቱ ገዙ፤ አንድ ደንበኛ 15,000 ብር ወጣበት ማለት ነው። የሻጩንም ጊዜ ቁጠሩት እንጂ። ለአንድ ሊድ 10 ደቂቃ ቢሰጥ 300ው ሊድ 50 ሰዓት ይበላዋል፤ እሱ ተማሪና ሥራ ፈላጊ ሲያናግር እውነተኛው ገዥ ሌላ ጋ ይሄዳል።

«ፎርሙ ላይ ጥያቄ ከጨመርን ሰው ይሸሻል»

አዎ። አንዳንዱ ደግሞ ይሽሽ። ፌስቡክ ስምና ስልኩን ከአካውንቱ ላይ ወስዶ ራሱ ስለሚሞላው ሰውየው በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ይልከዋል፤ ስልኩም ከጣለው ዓመታት የሆነው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፎርሙን ስትሠሩ `More volume` የሚለውን ትታችሁ `Higher intent` የሚለውን ምረጡ። ከመላኩ በፊት የሞላውን አይቶ እንዲያረጋግጥ ያደርገዋል።

ከዚያ ራሱ የሚመልሳቸው ሁለት ጥያቄዎች ጨምሩ። ስንት መጋዘን ወይም ቅርንጫፍ አላችሁ? ስቶክ የምትይዙት በደብተር ነው፣ በኤክሴል ነው ወይስ በሌላ ሶፍትዌር? እኔ ሁለተኛዋን ነው የምወዳት። ሦስት መጋዘን በኤክሴል የሚያስተዳድር ሰው ችግሩን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ሌላ ሶፍትዌር ያለው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው የድሮ ዳታውን እንዴት እንደምታስገቡለት ስለሆነ ሻጩ መልሱን ይዞ ይደውላል። ከዚያ በላይ አትደርድሩ። መልሱ አደዋወላችሁን የማይቀይር ጥያቄ ይውጣ።

«ማንን ማምጣት እንዳለበት አልጎሪዝሙ ያውቃል»

የሚያውቀው የነገራችሁትን ነው። ፎርም የሚሞላ ሰው አምጣ ካላችሁት ፎርም መሙላት የሚወድ ሰው ያመጣላችኋል፤ ከነዚያ ውስጥ ማን ዴሞ እንዳየ የሚያውቀው የናንተ ሻጭ ብቻ ነው።

ስለዚህ መልሳችሁ ንገሩት። ጉግል ላይ ሰው ማስታወቂያውን ሲነካ ወደ ዌብሳይታችሁ ከሚመጣበት ሊንክ ጋር `gclid` የሚባል መለያ ይመጣል። ፎርማችሁ ውስጥ በማይታይ ሳጥን ያዙትና ከስሙ ጋር አስቀምጡት። ሰውየው ዴሞ ሲያይ መለያውንና ሰዓቱን ወደ ጉግል ትጭናላችሁ፤ ማስታወቂያውን ከነካ 90 ቀን ካለፈ ግን አይቆጠርላችሁም። ፌስቡክም ለየሊዱ የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ «ገዛ» የሚለውን ብቻ ይልካል። በወር አራት ሽያጭ ያለው ድርጅት አራት ምልክት ላከ ማለት ነው፣ ከአራት ደግሞ አልጎሪዝሙ ምንም አይማርም፤ ያውም ሽያጩ ሁለት ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። «ዴሞ አየ» የሚለው ይሻላል፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ቁጥሩም ይበዛል።

«ማርኬቲንግ የሚልክልን ቆሻሻ ሊድ ነው»

አንዳንዴ ሻጮቹ እውነታቸውን ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሊዱ ሦስት ቀን ኤክሴል ላይ ከርሞ ነው የተደወለለት። ለመለየት ከየሊዱ ጎን መጀመሪያ የተደወለበት ሰዓትና የወደቀበት ምክንያት ይጻፍ። «አልሆነም» ምክንያት አይደለም። አያነሳም፣ ድርጅት የለውም፣ ዋጋው ከበደው፣ ወሳኙ እሱ አይደለም፤ ከነዚህ አንዱ ይመረጥ። «ድርጅት የለውም» ከበዛ ጥፋቱ የማስታወቂያው ነው። «አያነሳም» የበዛው ዘግይቶ ከተደወለላቸው ላይ ከሆነ ግን ማስታወቂያውን አትንኩት።

«ወሳኟ እሷ አይደለችም» የተባለችውን እኔ ከቆሻሻ አልቆጥራትም። ብዙ ጊዜ የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት፤ ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስትቆጥር የምታመሸው እሷ ስለሆነች ባለቤቱ ጋ የምታስገባችሁም እሷ ናት።