ለልብ ቫልቭ ቅየራ ከጅማ ወደ ሕንድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የሐኪሜ ማጠቃለያ ወረቀት ይበቃል።»

ቀዶ ሐኪሙ ቫልቩ ሲከፈትና ሲዘጋ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ የልብ አልትራሳውንዱን ቪዲዮ በሲዲ ወይም በፍላሽ አስገልብጡ። መድኃኒቶቻችሁን በሳይንሳዊ ስማቸውና በሚሊግራም ጻፉ፤ የንግድ ስም ከአገር አገር ይለያያል። ጥርሳችሁን ደግሞ ጅማ ሳላችሁ አሳክሙ! ከተበላሸ ጥርስ የሚነሳ ተሕዋስ አዲሱን ቫልቭ ሊበክል ስለሚችል፣ ሐኪሞቹ መጀመሪያ ጥርሱ ይታከም ይላሉ፤ እስከዚያ የማረፊያ ኪራዩ ይቆጥራል።

«አስታማሚ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ከሆነ ይበቃል።»

ቋንቋ የሚችል ሰው እዚያም ይገኛል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚቆይ፣ ሌሊት የሚነሳ፣ ሻንጣ የሚሸከም ሰው ግን ከቤት ካልሄደ አይገኝም። ሕንድ ለአስታማሚው ራሱን የቻለ ቪዛ ስለምትሰጥ የሁለታችሁንም አንድ ላይ ጠይቁ። ከኢትዮጵያ የሚገባ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ካርዱም የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ታካሚው ሐኪሙን ሳያማክር አይከተብ።

«ማረፊያው ርካሽ ከሆነ ራቅ ቢል ምን አለበት?»

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ለደም ምርመራ ደጋግሞ መመላለስ አለ። ደረቱ ገና ያልጠገነ ሰው በመኪና ሲንገላታ ይሰቃያል። በእግር የሚደረስ፣ ምድር ቤት ወይም ሊፍት ያለው፣ ማብሰያም ያለው ክፍል ፈልጉ።

«ከሆስፒታል በወጣሁ ማግስት እሳፈራለሁ።»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሜካኒካል የሚባለው ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመላት አንዲት የጅማ እናት ናት እንበል። ደሟ በቫልቩ ላይ እንዳይረጋ ዋርፋሪን ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች፤ መጠኑ የሚስተካከለውም አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ ነው። በግራ የልብ ክፍሎች መካከል ባለው በሚትራል ቦታ ለተተካ ሜካኒካል ቫልቭ የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ስትወጣ 1.8 ቢገኝ መድኃኒቱ ይጨመርላታል፤ ለውጡ የሚታየው ግን ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ስለሆነ ጠብቃ ደግማ ትመረመራለች። ውጤቱ ሳይስተካከል ብትሳፈር፣ ከሚፈለገው ካነሰ ደሟ ሊረጋ፣ ካለፈ ደግሞ ሊፈስስ ይችላል። ለመብረር ችግር ባልገጠመው ታካሚ ላይ እንኳ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢያንስ 10 ቀን ያህል ይጠበቃል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ቀዶ ሕክምናውን ያደረገላት ሐኪም ነው፣ በጽሑፍ ይስጣት። የመመለሻ ትኬቷ ቀኑ የሚቀየር ይሁን።

የደረት አጥንት እስኪጠግን ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ እስከዚያ እንስራም ሆነ ሕፃን አታነሳም። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስለሆነ፣ አቅም ካለ በአውሮፕላን መመለሱ ይሻላል።

አይኤንአር ጅማ ውስጥ የት እንደሚሠራ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ፤ በደረሳችሁበት ሳምንት ትመርመር። ጎመን መተው የለባትም፤ የምትበላው መጠን ግን ከሳምንት ሳምንት አይዋዥቅ፣ ዋርፋሪኑን ያዳክመዋልና። ትኩሳት ቢይዛት ደግሞ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝታ አትዋጥ፤ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ደሟ ተሕዋሱን አሳድጎ ለሚለየው የካልቸር ምርመራ ካልተወሰደ ቫልቩን የበከለው ተሕዋስ ሊሰወር ይችላል።